ጉልበቴ ቢቆስል ማን ጋ ልሂድ? ለኬጂ ልጆች የሚረዱንን ሰዎች በጨዋታና በማዛመጃ ወረቀት ማስተማር

ባህር ዳር ውስጥ አምስት ዓመት የሞላውን ልጅ "ነርስ ምን ትሠራለች?" ብላችሁ ጠይቁት። "ሆስፒታል ትሠራለች" ይላችኋል። ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ሥዕል ሥር ያለውን በቃሉ ይዞታል። ቀጥላችሁ "ከሳይክል ወድቀህ ጉልበትህ ቢደማስ ማን ጋ ትሄዳለህ?" በሉት። ያን ጊዜ ዝም ይላል፣ ወይ "እማዬ ጋ" ይላል። እማዬ ጋ መሄዱ ልክ ነው፣ እማዬም ወደ ጤና ጣቢያ ትወስደዋለች። ግን ነርሷና የቆሰለው ጉልበት በልጁ ጭንቅላት ውስጥ ገና አልተገናኙም ማለት ነው።

እኔ ይህን ትምህርት ለብዙ ጊዜ ከስም ነበር የምጀምረው። ይህ ፖሊስ ነው፣ ይህ ሐኪም ነው፣ ድገሙ። ልጆቹ ይደግማሉ፣ ወረቀቱንም ያዛምዳሉ፣ በሳምንቱ ግን ምንም የለም። አሁን የምጀምረው ከችግር ነው። መጀመሪያ ችግሩ ይመጣል፣ ከዚያ የሚረዳው ሰው፣ መጨረሻ ላይ የሚረዳበት ዕቃ። ከዚህ በታች ያለው በዚህ መንገድ የሚሄድ የሦስት ቀን ትምህርት ነው፣ በቀን ሠላሳ ደቂቃ ገደማ። ለኬጂ ሁለት ነው ያዘጋጀሁት፣ ለዜሮ ክፍልም ይሆናል። አንድ መምህርና አንድ ረዳት ያሉበት፣ ከሠላሳ እስከ አርባ ልጅ የሚይዝ ክፍል አስቡ።

ማንን እንምረጥ

ከአራት ሰው በላይ አትያዙ። አሥር ሥዕል ያለበት ፖስተር ያምራል፣ ልጁ ግን አሥሩን በሦስት ቀን ውስጥ ተጫውቶ አይጨርስም።

የምመርጠው በሁለት ጥያቄ ነው። ልጁ ይህን ሰው በዓይኑ አይቶታል ወይ? ሰውየው የሚፈታውን ችግር ክፍል ውስጥ መጫወት ይቻላል ወይ? ከውጭ ተቀድተው የሚመጡት ወረቀቶች ላይ ሁልጊዜ አንድ ፖስተኛ አለ፣ ቦርሳ አንግቶ በር ለበር ደብዳቤ ያድላል። እኛ ጋ ደብዳቤ ያለው ሰው ራሱ ፖስታ ቤት ሄዶ ሳጥኑን ይከፍታል። ልጁ ያላየውን ሰው ከማያውቀው ቦርሳ ጋር አዛምድ ሲባል በግምት ነው የሚያሰምረው። ስለዚህ ፖስተኛውን አውጡት።

ለባህር ዳር ልጆች እኔ የምይዛቸው እነዚህን ነው፦ አሳ አጥማጅ፣ ነርስ፣ ትራፊክ ፖሊስና የጽዳት ሠራተኛ። አሳ አጥማጁን ብዙዎቹ ያውቁታል። ከሐይቁ ዳር ሲሄዱ ታንኳ ላይ ተቀምጦ ሲቀዝፍ አይተውታል፣ ቤት ውስጥም አሳ ይበላል። ሌላ ከተማ ያላችሁ በእሱ ቦታ ዳቦ ጋጋሪ ወይም ጫማ ሰፊ ማስገባት ትችላላችሁ። ሰፈራችሁ የሚያውቀውን ሰው ምረጡ፣ ሌላው ሥራ አይቀየርም።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር የለበትም። ሁለት ትልልቅ ካርቶን፣ ጠመኔ፣ ሽንኩርት የሚመጣበት መረብ ከረጢት፣ ያረጀ ነጠላ፣ የድስት ወይም የባልዲ ክዳን አራት፣ ገመድ፣ እንዲሁም አንድ ወገኑ የተጻፈበት ንጹሕ ወረቀት።

አንዱ ካርቶን ታንኳ ይሆናል። ክዳኑንና የታች ወለሉን ቆርጣችሁ አውጡ፣ ሁለት ልጅ መሐሉ ገብቶ ጎንና ጎኑን ይዞ እንዲሄድ። ከቻላችሁ ከሐይቁ ዳር ትንሽ የደረቀ ደንገል አምጡና አስነኳቸው። እውነተኛው ታንኳ ከዚህ እንደሚሠራ፣ ውሃ ስለሚጠጣ ደግሞ ከሐይቁ ሲወጣ ፀሐይ ላይ እንደሚደርቅ ንገሯቸው። ልጅ አንዴ በእጁ የነካውን አይረሳም። ሁለተኛው ካርቶን የቆሻሻ ጋሪ ነው፣ ከፊቱ በስታችሁ ገመድ እሰሩበት። ከትርፍራፊው ካርቶን አሥር አሥራ ሁለት አሳ ቁረጡ።

ነጠላውን አምስት ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ግማሽ ሜትር ርዝመት እያደረጋችሁ ቅደዱት። ይህ ፋሻ ነው። ከዚህ በላይ አታስረዝሙት፣ ረጅም ጨርቅ አንገት ላይ መጠምጠም ይጀምራሉ። የሽንኩርቱንም ከረጢት ቀዳችሁ እንደ ጠረጴዛ ጨርቅ ጠፍጣፋ አድርጉት እንጂ እንደ ከረጢት አትተዉት። ከረጢት ከሆነ አንዱ አናቱ ላይ ያጠልቀዋል። ይህን ሁለቱን ከመጀመሪያው ካስተካከላችሁ ጨዋታው መሐል "ተው፣ ተዪ" እያላችሁ አትጮኹም።

ፊሽካ አታምጡ። አንዱ ነፍቶ ለሌላው ሲሰጥ ጉንፋኑ ክፍሉን ይዞራል። በአፋቸው "ፊሽ" ይበሉ፣ እንዲያውም ያን ነው የሚወዱት። መርፌም አታምጡ፣ የአሻንጉሊትም ቢሆን። ክትባት የተወጋ ልጅ መርፌ ሲያይ ነርሷን መፍራት ይጀምራል፣ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ሲጎዳ ወደ እሷ እንዲሄድ ነው።

የመጀመሪያው ቀን፦ ችግሩን ማስተዋወቅ

ልጆቹን በክብ አስቀምጡ። የመጀመሪያው ጥያቄ "ዛሬ ጠዋት ስትመጡ መንገድ ላይ ማንን አያችሁ?" ይሁን። የባጃጅ ሹፌር፣ ቆሎ የምትሸጥ እናት፣ ዘበኛውን ይጠራሉ። ሁሉንም ተቀበሉ፣ ግን ብዙ አትቆዩበት፣ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ከዚያ አራቱን ችግሮች አንድ በአንድ ተርኩላቸው። ትረካው አጭር ይሁን፣ ግን ዝርዝር ይኑረው። ለምሳሌ እኔ ለነርሷ እንዲህ እላለሁ፦ "አንዲት ልጅ ዘንባባው ሥር ሳይክል ስትነዳ ድንጋይ መታትና ወደቀች። ጉልበቷ ተላጠ። ደም መጣ። አለቀሰች። አሁን ማን ይርዳት?" እዚህ ላይ ቆሙና ጠብቁ። በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። የመጀመሪያው ጮኾ የመለሰው ልጅ መልስ ሌሎቹን ያስተኛል፣ ስለዚህ "እጃችሁን አፋችሁ ላይ አድርጋችሁ አስቡ" በሉ፣ ከዚያ ዝም ያለውን ልጅ ጠይቁ።

ለአሳ አጥማጁ ችግሩ "ቤት እንግዳ መጣ፣ አሳ ወጥ ሊሠራ ነው፣ አሳው ግን ሐይቅ ውስጥ ነው" የሚል ነው። ለትራፊኩ "መንገዱ በባጃጅ ተሞላ፣ ሕፃናት መሻገር አቃታቸው"። ለጽዳቷ "ትናንት በዓል ነበር፣ መንገዱ ላይ ወረቀትና ላስቲክ ተበትኗል፣ ንፋሱም ወደ ሐይቁ እየገፋው ነው"።

በእያንዳንዱ ትረካ መጨረሻ አንድ ዓረፍተ ነገር አብራችሁ በሉ። "ጉልበቴ ቢቆስል ሲስተር ትረዳኛለች።" "መንገድ መሻገር ቢያቅተኝ ትራፊክ ይረዳኛል።" ዓረፍተ ነገሩ ሁልጊዜ ከችግሩ ይጀምር። ይህች ዓረፍተ ነገር ሦስቱንም ቀን ትሄዳለች፣ መጨረሻ ላይ ልጁ ገብቶት እንደሆነ የምታውቁትም በእሷ ነው።

"ሲስተር" ያልኩት ልጆቹ ሰፈር ውስጥ የሚሰሙት እሱን ስለሆነ ነው። "ነርስ" የሚለውን ጎን ለጎን አስገቡት። ወንድ ነርስ እንዳለም እዚሁ ላይ ንገሯቸው። አንዱ "ወንድ ሲስተር የለም" ብሎ ይስቃል፣ "ልክ ነህ፣ ወንዱን ሲስተር አንለውም፣ ነርስ እንለዋለን" በሉት።

ሁለተኛው ቀን፦ ጨዋታው

አብዛኛው መምህር ክፍሉን አራት ማዕዘን ከፍሎ አራቱንም ጨዋታ በአንድ ጊዜ ያስጀምራል። ልጁ አሥራ አምስት ከሆነ ይሠራል። ሠላሳ አምስት ልጅ ላይ ግን ሁለት አዋቂ አራት ቦታ ሊያይ አይችልም። ትራፊኩ ጋ ግጭት ይነሳል፣ ነርሷ ጋ ፋሻ ይጎተታል፣ አሳው ያልቃል። እኔ አንድ ጨዋታ በአንድ ጊዜ፣ መሐል ሜዳ ላይ፣ ሁሉም በክብ ተቀምጦ ነው የማጫውተው። አንዱ ጨዋታ ስድስት ሰባት ደቂቃ ይወስዳል። ስምንት ልጅ መሐል ይገባል፣ በሚቀጥለው ጨዋታ ሌላ ስምንት። በአራት ጨዋታ ሠላሳ ሁለት ልጅ አንድ አንድ ጊዜ ይደርሰዋል፣ ልጁ ከዚያ ከበለጠ በየጨዋታው አንድ ሁለት ልጅ ጨምሩ። ክብ ላይ የተቀመጡትም ሥራ አላቸው፣ ሐይቁን በድምፅ ያሰማሉ፣ ባጃጅ ይሆናሉ፣ ዓረፍተ ነገሩን አብረው ይላሉ። ሥራ የሌለው ልጅ ነው የሚረብሸው።

ስምንቱ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው መኖር አለበት፦ ችግር ያለበትና የሚረዳ። ይህን አትርሱ። ሁሉም ነርስ ልሁን ይላል፣ የቆሰለ ግን ከሌለ ነርሷ የምትሠራው የላትም።

አሳ አጥማጁ። ወለሉ ላይ በጠመኔ ትልቅ ሐይቅ ሳሉ፣ የካርቶን አሳዎቹን በትኑ። ሁለት ልጅ ታንኳው ውስጥ፣ ሁለት መረብ ያዥ፣ አራቱ ገዢ። መጀመሪያ "መሸ" በሉ፣ መረቡን አሳዎቹ ላይ ይዘርጉ። ሁሉም ዓይኑን ይጨፍን። "ነጋ" ስትሉ ያንሱት። በእርግጥም አሳ አጥማጁ ብዙ ጊዜ ማታ መረቡን ጥሎ ጠዋት ነው የሚያነሳው፣ ልጆቹ ይህን በጣም ይወዱታል። ገዢው "ጋሼ፣ አሳ አለ? እንግዳ መጥቶብን ነው" ይበል፣ አጥማጁም ያቀብል፣ ይመሰጋገኑ። ጨዋታው ሲያልቅ አንድ ነገር በግልጽ ንገሯቸው፦ እውነተኛው ሐይቅ ጋ ያለ ትልቅ ሰው አይኬድም። ጥልቅ ነው፣ ጉማሬም አለ። አሳ አጥማጁ ሥራውን የተማረ ትልቅ ሰው ነው። ይህን ሳትሉ ጨዋታውን ከጨረሳችሁ አንዱ ልጅ ከሰዓት ከረጢት ይዞ ሐይቅ ዳር ይሄዳል።

ነርሷ። አንዱ ወድቆ የቆሰለ፣ ሁለቱ የቆሰለውን ይዘው የሚመጡ ወላጆች፣ አንዱ ነርስ። ይህን በሁለት ቡድን አድርጉት። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፦ ነርሷ እጇን ትታጠባለች (በባዶ እጅ አስመስላ)፣ "የት ጋ ነው ያመመህ?" ብላ ትጠይቃለች፣ ቁስሉን በውሃ ታጥባለች፣ ከዚያ ፋሻ ትጠቀልላለች። ፋሻው ጉልበት ወይም ክንድ ላይ ብቻ። ጠቅልላ ስትጨርስ አንድ ጣት ሥሩ ይገባ እንደሆነ ትሞክር፣ ካልገባ ጠብቋል። የቆሰለው ልጅ የት እንደሚያመው በቃል መናገር አለበት። ማልቀስ ብቻ ሳይሆን "ጉልበቴን አመመኝ" ማለት የዚህ ጨዋታ ግማሹ ጥቅም ነው። እዚህ ጨዋታ ላይ ሆን ብዬ አንድ ወንድ ልጅ ነርስ አደርጋለሁ።

ትራፊኳ። በጠመኔ መንገድና ዜብራ ሳሉ። አራት ልጅ ክዳን እንደ መሪ ይዞ ባጃጅ ይሆናል፣ ሦስቱ ተሻጋሪ፣ አንዷ ትራፊክ። ባጃጆቹ በቀኝ ጠርዝ ብቻ ይሂዱ፣ ይህን ካላስተካከላችሁ ይጋጫሉ። መዳፏን ዘርግታ "ፊሽ" ስትል ባጃጅ ይቆማል። ተሻጋሪዎቹ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ ያያሉ። መኪና በቀኝ ስለሚሄድ ዜብራው ላይ መጀመሪያ የሚደርስብን ከግራ የሚመጣው ነው። ግራና ቀኙን ገና የማይለዩ ልጆች አሉ፣ ለእነሱ በግራ እጃቸው ላይ የፋሻውን ጨርቅ እሰሩ። ትራፊክ በሌለበት ቦታ የትልቅ ሰው እጅ ይዞ መሻገር እንዳለ ጨምሩ።

ጽዳቷ። ይህን በጥንቃቄ ያዙት። ወረቀቱን ወለሉ ላይ በትኑ፣ ሁለቱ ጋሪ ይጎትታሉ፣ ስድስቱ ይለቅማሉ። ከእውነተኛው ቆሻሻ መጣያ ምንም አታምጡ። አንድ ዓመት ከልጆቹ አንዱ "እኔ ቆሻሻ አልሆንም፣ ይሸታል" ብሎ እምቢ አለ። ሌሎቹ ሳቁ። ክብ ላይ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ግን አንገቷን ደፋች፣ እናቷ ገና ጎህ ሲቀድ ተነስታ አስፋልት የምትጠርግ ሴት ናት። ያን ቀን የተሰማኝን አልረሳውም። ስህተቱ የልጁ አልነበረም፣ እኔ ነኝ ጨዋታውን ከችግሩ ሳልጀምር ከሥራው የጀመርኩት።

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። ወረቀቱን ከበተንኩ በኋላ ጽዳቷን አላስገባም። መጀመሪያ ሌሎቹን በወረቀቱ መሐል እንዲራመዱ፣ እንዲቀመጡ፣ ኳስ እንዲጫወቱ አደርጋለሁ። ያንሸራትታቸዋል፣ መቀመጫ ያጣሉ። "ምን ይሻለናል?" እላለሁ። ያኔ ራሳቸው "ጽዳት ጥሩልን" ይላሉ። ጽዳቷ ስትገባ በጉጉት የምትጠበቅ ሰው ሆናለች። ሲጨርሱ "እትዬ፣ እናመሰግናለን" ይባላል፣ በጭብጨባ። እንደዚህ ሲሆን እምቢ የሚል አይኖርም፣ ጋሪ ለመጎተት ይሻማሉ እንጂ። የቆሸሸው መንገዱ እንጂ ሰውየዋ እንዳልሆነች ልጆቹ በዚህ ይለዩታል። ክፍላችሁ ውስጥ የማን ወላጅ ምን እንደሚሠራ አስቀድማችሁ እወቁ፣ ለዚህ ትምህርት ከሁሉ በፊት የሚደረግ ዝግጅት እሱ ነው።

ሦስተኛው ቀን፦ የማዛመጃ ወረቀቱ

ወረቀቱ ከጨዋታው በኋላ ነው የሚመጣው። በፊት ከመጣ ግምት ነው የሚሆነው።

በእጃችሁ ሳሉት፣ ፎቶ አትጠቀሙ። ፎቶ ፎቶ ኮፒ ሲሆን ይጠቁራል፣ የሰውየው ፊትና ዕቃው አይለይም። በጥቁር እስክሪብቶ ወፍራም መስመር ሳሉ። ለመለየት ቀለም የሚያስፈልገው ሥዕል አታስገቡ፣ ኮፒው ላይ ቀለሙ ይጠፋል። ኤ ፎር ወረቀት ቁሙን ይዛችሁ በግራ አራት ሰው፣ በቀኝ አራት ዕቃ። እያንዳንዱ ሥዕል አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። ከሥዕሉ አጠገብ ወደ መሐል በኩል ጉልህ ነጥብ አድርጉ፣ መስመሩ ከነጥብ ወደ ነጥብ እንዲሄድ። በነጥቦቹ መካከል ከሰባት ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። ሲረዝም የአምስት ዓመት እጅ መንገድ ይስታል፣ ልጁ አውቆት ሳለ መስመሩ ሌላ ቦታ ያርፋል።

ከሥዕል አሳሳሉ በላይ የሚያስቸግረው የዕቃው ምርጫ ነው። አንዱ ዕቃ የአንድ ሰው ብቻ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ወረቀቴ ላይ ለጽዳቷ መጥረጊያ ነበር የሳልኩት። ብዙ ልጅ ተሳሳተ ብዬ ምልክት አደረግሁ። በኋላ አንዱን "ለምን መጥረጊያውን ለነርሷ ሰጠሃት?" ስለው "እማዬ ናት፣ ቤት ትጠርጋለች" አለኝ። ነርሷ ነጠላ የለበሰች መስላው እናቱ ናት ብሎ ነው። ልጁ ትክክል ነው፣ መጥረጊያ በየቤቱ አለ። ወረቀቱ ነው የተሳሳተው። በመጥረጊያው ቦታ የቆሻሻ ጋሪ ሳልኩ፣ ችግሩ ጠፋ። ጓንትም እንዲሁ ነው፣ ነርሷም ጽዳቷም ያጠልቁታል። መረቡን ባዶ አድርጌ ስስል ደግሞ ልጆቹ "ጎል ነው" አሉኝ፣ የእግር ኳስ ማለታቸው ነው። አሁን ሁለት አሳ ውስጡ አደርጋለሁ።

ፊሽካውም ትንሽ ያጠራጥራል፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ፊሽካ ካለው ልጆቹ ለእሱ ይሰጡታል። ዘበኛው ወረቀቱ ላይ ስለሌለ ግን አያደናግርም። እዚህ ላይ ቀላል መፈተኛ አለ፦ ወረቀቱን ከማባዛታችሁ በፊት ለሦስት ልጆች ብቻ አሳዩና ስምንቱንም ሥዕል "ይህ ምንድን ነው?" በሉ። አንዱ ሥዕል ላይ ሁለቱ የተለያየ ስም ከጠሩ እሱን እንደገና ሳሉት።

አሁን አሰላለፉ። ትክክለኛው ዕቃ ከሰውየው ፊት ለፊት እንዳይሆን። ፊት ለፊት ከሆነ ምንም ያልገባው ልጅ ቀጥ ቀጥ አድርጎ አስምሮ አራት ከአራት ያገኛል። በጣም ማመሳቀልም ጥሩ አይደለም፣ አራቱም መስመር መሐል ላይ ከተቆላለፈ ልጁ የራሱን መስመር ያጣዋል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦

በግራ ከላይ ወደ ታች፦ አሳ አጥማጅ፣ ነርስ፣ ትራፊክ፣ ጽዳት።
በቀኝ ከላይ ወደ ታች፦ ፋሻ፣ መረብ፣ ጋሪ፣ ፊሽካ።

ላይኛዎቹ ሁለት መስመሮች አንድ ጊዜ ይሻገራሉ፣ ታችኞቹ ሁለትም አንድ ጊዜ። ቀጥ ብሎ የሚሄድ የለም። ዓይን አይደክምም፣ በግምት ቀጥ ያሰመረውም ወዲያው ይታወቃል፣ አንድም አያገኝም።

ክፍል ውስጥ ስትሰጡ እርሳሱን ወዲያው አትስጡ። መጀመሪያ ጣታቸውን አሳ አጥማጁ ነጥብ ላይ ያድርጉ። "አሳ ፈልገናል፣ አሳ አጥማጁ በምን ያመጣልናል?" በሉ፣ ጣታቸው ወደ መረቡ ይሂድ። እናንተና ረዳቷ በወንበሮቹ መሐል እየዞራችሁ ጣቶቹን እዩ። ከዚያ እርሳስ። የመጀመሪያውን ብቻ አብራችሁ ሥሩ፣ ሦስቱን ለራሳቸው ተዉ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ቀድሞ የጨረሰ ሥዕሉን ቀለም ይቀባ።

ለሁሉም ኮፒ ማድረግ ካልተቻለ፣ ሥዕሎቹን ካርቶን ላይ ሳሉና ስምንት ስምንት ካርድ ያለው አምስት ስድስት ስብስብ ሥሩ። በቡድን ወለል ላይ ጥንድ ጥንድ ያድርጓቸው። እንዲያውም እርሳስ መያዝ ገና ለሚከብደው ልጅ ካርዱ ይሻላል፣ እጁ ሳይሆን ሐሳቡ ነው የሚፈተነው።

ወረቀቱን እንዴት እናንብበው

ወረቀት ሰብስቦ አራት ከአራት ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ግን አጠገቡ ካለው የገለበጠም አራት ያገኛል። ስለዚህ እያንዳንዱን ልጅ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፣ አንዱን መስመር በጣት እየነካችሁ፦ "ይህ ሰው መቼ ነው የሚረዳህ?" በስም ዝርዝሩ ላይ ሁለት ዓምድ ያዙ፣ አንዱ ለመስመሩ፣ አንዱ ለመልሱ። ሁለቱም ላይ ራይት ያለው ልጅ ገብቶታል። መስመሩ ልክ ሆኖ መልስ የሌለው ገና ሥዕል ነው ያዛመደው። መስመሩ ተሳስቶ መልሱ ልክ የሆነ ደግሞ አለ፣ እሱ እጁ ነው የሳተው፣ ካርድ ስጡትና ታያላችሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ አራቱንም ቀጥ አድርጎ አሰመረ። ትራፊኩን ለጋሪው፣ ጽዳቷን ለፊሽካው። በሁለተኛው ቀን ታሞ ቀርቶ ነበር፣ ጨዋታው አልደረሰውም። ወረቀቱን አላስደገምኩትም። በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት ሁለት ጓደኞቹን ጠርቼ ጠመኔውን ሰጠኋቸውና ዜብራ ሳሉ፣ እሱ ትራፊክ ሆነ። ባጃጆቹ ሁለቴ አልቆሙለትም፣ መዳፉን ወደ ታች አድርጎ ስለነበር። ሦስተኛው ላይ እጁን ቀና አድርጎ "ፊሽ!" ሲል ቆሙ። ቀጥሎ ወረቀት የተበተነበት ወለል ላይ ጋሪ ጎተተ፣ ሌሎቹ ሁለት ጨዋታዎችም ቀጠሉ። ከሰዓት በኋላ ካርዶቹን ወለል ላይ ስደረድርለት ፊሽካውን አንስቶ ትራፊኩ አጠገብ አስቀመጠና ሳልጠይቀው "ባጃጅ ሲበዛ" አለኝ።

ይህን ትምህርት ከጨረሳችሁ በኋላ በሚቀጥለው ሳምንት አንድ እውነተኛ ሰው መጋበዝ ትችላላችሁ፣ ከወላጆች መካከል ቢሆን ይመረጣል። አስቀድማችሁ አግኟቸውና ሦስት ነገር ብቻ ጠይቋቸው፦ የሥራ ዕቃ አንድ ይዘው እንዲመጡ፣ ስለታም ያልሆነ፤ አሥር ደቂቃ ብቻ እንዲቆዩ፤ ንግግራቸውንም "እኔ እንዲህ ነኝ" ሳይሆን "ትናንት አንድ ሰው እንዲህ ቸግሮት መጣ" ብለው እንዲጀምሩ። ያቺ አስፋልት የምትጠርገው እናት በዚያው ዓመት መጥታ ነበር። ጋሪዋን ግቢ ውስጥ አቁማ፣ ልጆቹ ጎማውን እየነኩ፣ ልጇ ከጎኗ ቆማ እጀታውን ይዛ ነበር።